አሜን ለማለት የሚበቃ ዝምታ

ማስተር ፕላኑን በመቃወም የተነሳው ነገር ሰበታ የደረሰ ሰሞን የምሠራበት ፋብሪካ በሩን ዘጋ። የጥበቃ ኃላፊው ደውሎ፣ «ሌላ ነገር እስክትሰሚ ድረስ ቤትሽ ሁኚ» አለኝ። የፋብሪካው የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ዓይኖቼ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አያዩም። ተምሬ የያዝኩት ሥራ ይኸው ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ «ጤና ይስጥልኝ፣ ከማን ላገናኝዎት?» ስል ኖሬያለሁ።

ሥራ ከፈታሁ በሳምንቱ የሰፈራችን ቄስ ቤቴ መጡ። ታማሚ የሚጠይቅ ማኅበር አላቸው። የማኅበሩ ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ፣ ከአልጋ መነሳት ለማይችሉ ሰዎች ጸሎት ያደርሱ ነበር። አሁን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ቡራዩ ያሉት ወደዚህ መምጣት አልቻሉም፤ እዚህ ያሉትም አስፋልቱን መሻገር ፈሩ።

«ሚሞሪ ላይ ይቀዳና፣ ሬዲዮ ላይ እየሰካ እንዲሰማው ለየታማሚው ይሰጥ ተባባልን» አሉ። «ጸሎቶቹን እኔ ጽፌያለሁ፤ አሥራ ሁለት ናቸው። አጫጭር ናቸው። ድምፁን አንቺ ብትሆኚልን።»

«አባ፣ ሴት ታንብበው ወይ የሚል አልተገኘም?»

«ተገኝቷል» አሉ። «እኔም ታማሚውን ማን ያስታምማል ብዬ ጠየቅሁት።»

እሳቸው እየነገሩኝ፣ እኔ በስታይለስ ወረቀቱን እየበሳሁ በሁለት ቀን ጸሎቶቹን በብሬል ገለበጥኳቸው።

የምንቀዳበት ቦታ ገበያው ውስጥ ያለ የጨርቅ መጋዘን ነበር። የመጋዘኑ ባለቤት አንዲት ሙስሊም ነጋዴ ሲሆኑ፣ ልጃቸው በሱቁ ሥራ ላይ ድምፅ መቅዳት ይጨምራል። የሱቅ ማስታወቂያ፣ መንዙማ፣ የሰርግ ዘፈን፣ የጴንጤ መዝሙር፣ የመጣለትን ሁሉ ይቀዳል። የጨርቁ ጥቅል ከወለል እስከ ጣሪያ ስለተደረደረ ድምፅ እዚያ ገብቶ አይመለስም። መጀመሪያ ስገባ በዱላዬ ወለሉን መታ አደረግሁት። መልስ የለውም። ክፍሉ ምን ያህል እንደሆነ መገመት አቃተኝ።

ልጁ ወንበር ሰጠኝ። ማይክሮፎኑን ከአፌ አንድ ስንዝር ያህል አርቆ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርጎ አቆመው። «‹ጵ› እና ‹ፕ› ስትይ ትንፋሽሽ ቀጥ ብሎ እንዳይመታው ነው» አለኝ። ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ፣ ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጎ አስቀመጠልኝ፤ ጣቴ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ የሚሰማውን ሽክሽክታ እንዲቀንስ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጸሎቶች አንብቤ ስጨርስ መልሶ አሰማኝ።

«እንዴት ሰማሽው?» አለ።

«ጥሩ ነው መሰለኝ።»

«አትቀየሚኝ እህቴ። ‹ፈጣሪን መስመር ላይ ይጠብቁ› የምትዪ ይመስላል።»

ሳቅኩ፤ እውነቱን ነበር። የእያንዳንዱን ሐረግ መጨረሻ ወደ ላይ አነሳዋለሁ። ስልክ ላይ እንደዚያ ካላልሽ ደዋዩ የተቆጣሽው ይመስለዋል። ፈገግታዬም በድምፄ ውስጥ ይሰማ ነበር። ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው። የብሬል መስመር ሲያልቅ ጣቴ ወደሚቀጥለው እስኪደርስ ሳላውቀው አቆማለሁ። «ሕመሜን የምታውቅ ጌታ ሆይ፣ ዛሬም ከአልጋዬ» ብዬ ቆሜ፣ ቆይቼ «አጠገብ ቁም» እላለሁ። ማረፍ ባለብኝ ቦታ ደግሞ፣ መስመሩ ስላላለቀ ብቻ፣ እያለፍኩ እሄዳለሁ።

ቤቴ ተመልሼ ሁሉንም እንደገና ገለበጥኩ። አንድ ትንፋሽ የሚይዘውን አንድ መስመር ላይ ብቻ አደረግሁት፤ ታማሚው «አሜን» የሚልበት ቦታ ላይ ሁለት መስመር ባዶ ተውኩ። ቀኝ እጄ መስመሩን ሲጨርስ ግራዬ ቀጣዩ ላይ ቀድሞ እንዲጠብቅ ለመድኩ።

በሁለተኛው ቀን ሥራው የተሻለ ሄደ። የሐረጎቹን መጨረሻ ዝቅ አደረግሁ፤ ፈገግታዬን ተውኩ። ልጁ የተቀዳውን በትልቁ ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ሲያዳምጥ፣ ከመጋዘኑ በስተጀርባ ካለው ክፍል የሴት ድምፅ ተሰማ። ቃሉ አልገባኝም።

«እናቴ ናት» አለ። «ሕመም ቀኝ ጎኗንና ምላሷን ይዞባታል።» ሄዶ ቆይቶ ተመለሰ። ትንሽ ያፈረ መሰለኝ። «‹አልጠበቀችኝም› ነው የምትለው።»

እኔም አፈርኩ። ከግድግዳው ጀርባ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር። እጄን ይዞ ወደ ክፍሉ አስገባኝና አልጋው አጠገብ አስቀመጠኝ። እናትየው «አካም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝ፤ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው እየወጣ።

«ደኅና ነኝ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጸሎቱ የእኛ ነው፣ እርስዎን እንዳልረብሽዎት እንጂ...»

«ዱዓ... ሲደረግ» አሉ። ጠበቅኩ። «አሚን... አይባልም?»

ወረቀቴን አስመጥቼ አንዱን ጸሎት እዚያው አነበብኩላቸው። የመጀመሪያው ባዶ መስመር ላይ ስደርስ ጣቴን ሳላንቀሳቅስ ቆየሁ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ ምላሳቸው ከላንቃቸው ሲላቀቅ ተሰማኝ፣ «አሚን» መጣ፤ ከመጣም በኋላ ጥቂት አረፉ። ከዚያ ቀጠልኩ። እኔ ትቼው የነበረው ጊዜ የጤነኛ ሰው ጊዜ ነበር። የእሳቸው፣ የእኔን ሁለት ረጃጅም ትንፋሽ ያህል ይሆናል። መቁጠር ድምፄን እንደሚያደርቀው ስላወቅሁ፣ አፌን ዘግቼ በአፍንጫዬ ሁለቴ እተነፍስና እቀጥል ጀመር።

ያንን ቀድተን ጥቂቱን ለሙከራ ለቄሱ ሰጠናቸው። በሦስተኛው ቀን ይዘውት ተመለሱ።

«አይሠራም» አሉ። «ከአንድ ታማሚ ቤት ከፈትኩት። አሜን የሚባልበት ቦታ ሲደርስ ሚስትየው ብድግ ብላ ሬዲዮኑን መታችው። ባትሪው ያለቀ መስሏት።»

ልጁ ወዲያው ገባው። ዝምታዎቹን በኮምፒውተር ፈጽሞ አጽድቷቸው ነበር። «ባዶ አድርጌው ነው» አለ። «ሰው ያለበት ክፍል ዝም ሲል እንኳ ዝምታው ይሰማል። ያንን ቀድቼ ከሥሩ ማስገባት አለብኝ።» ለዚያ ሁለታችንም ሳንናገር ተቀምጠን የክፍሉን ዝምታ ብቻ ቢያንስ አንድ ደቂቃ መቅዳት ያስፈልግ ነበር። ገበያው ግን አንድ ደቂቃ አልሰጠንም። ወፍጮው፣ ባጃጁ፣ ቆርቆሮ የሚመታው፤ የጨርቁ ጥቅል የንግግርን ድምፅ ቢይዝም የወፍጮን አይችልም። አሥር ጊዜ ጀምረን አሥር ጊዜ ተውን።

ከዚያ ከቤት ያለመውጣት አድማው ተጠራ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ልጁ ደወለልኝ።

«ገበያው ዝም ብሏል» አለ። «መምጣት ትችያለሽ?»

ቤቴ ከመጋዘኑ ብዙ አይርቅም። አጥሩን በዱላዬ እየነካሁ ሄድኩ። በዚያ መንገድ የራሴን እርምጃ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። የመጋዘኑን ብረት በር ከውስጥ ዘግተን ተቀመጥን፤ በመጀመሪያ ዝምታውን ቀዳን። ከኋላው ክፍል የእናትየው ትንፋሽ በስሱ ይገባ ነበር። ልጁ «ይሁን፣ ጥሩ ነው» አለ። ከዚያ ሁሉንም ከመጀመሪያው ማንበብ ጀመርኩ።

ሰባተኛውን ጨርሼ ስምንተኛውን ስጀምር ከአስፋልቱ ወገን ጩኸት መጣ። ብዙ ሰው ነው። ሩጫ ተከተለ፤ ቀጥሎ ተኩስ። ምን ያህል እንደሆነ አልቆጠርኩም። ማንበቤን አቆምኩ። ልጁ በሩን እንደገና ፈትሾ መጥቶ ከእናቱ ዘንድ ተቀመጠ። እናትየው «ሱታ፣ ሱታ» ይሉ ነበር፤ ቀስ፣ ቀስ ማለታቸው ነው። ለማን እንደሆነ አላውቅም። ሁሉም ጸጥ እስኪል አንድ ሰዓት ያህል ሳይፈጅ አይቀርም።

ወደ ቤቴ መሄድ ስለማልችል፣ ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ የቀሩትን አምስቱን አነበብኩ። መልሰን ሰማነው።

«እህቴ፣ ይሄ ነው» አለ ልጁ። «የፊተኞቹ ከዚህ ጋር አይገጥሙም። በዚህ ድምፅ እነሱንም ድገሚያቸው።»

ድምፄ ወርዷል፣ ሳስቷል። ከአንዱ ሐረግ ወደ ሌላው የሚሄደው እየተጎተተ ነው። ቄሱም ከሁለት ቀን በኋላ ሲሰሙት፣ «እንባ አለበት፤ ጸሎት እንዲህ ነው» አሉ። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነበር። አፌ ደርቆ የምላሴ ድምፅ ይሰማል፤ ትንፋሼ ከደረቴ ላይ ነው የሚነሳው። ፈርቼ ነበር፤ የተቀዳው ፍርሃቴ ነው። ይህን ተናገርኩ። ሁለቱም፣ «ለሌላ ሰው እንደዚያ አይሰማም» አሉኝ።

«እስቲ ለታማሚ እናሰማው» አልኩ።

ከእናትየው አልጋ አጠገብ ከፈትነው። አሚን የሚሉበት ቦታ ደረሰ፤ አላሉም። ዝምታው አለፈ፣ ሁለተኛውም ቦታ ደረሰ። ከዚያ ልጃቸውን ጠሩና፣

«ማን... ሞተ?» አሉ።

ልጁ ድምፁን ዘጋው። በተኩሱ ቀን አስፋልቱ ላይ ሰው ሞቷል፤ ከእሳቸው ግን ተደብቆ ነበር። «ማንም አልሞተም እማዬ» አላቸው። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከአልጋ መነሳት የማይችል ሰው፣ ውጭ ያለውን በወሬ ብቻ የሚሰማ ሰው፣ ያንን ድምፅ ቢያዳምጥ ምን እንደሚሆን ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«ልደምስሰው?» አለኝ ልጁ ወደ መጋዘኑ ስንመለስ።

«ደምስሰው።»

አድማው አልቆ ሱቆች ሲከፈቱ፣ ወፍጮው ሥራ ሳይጀምር በማለዳ እየሄድኩ የተደመሰሱትን አምስቱን በሁለት ቀን እንደ አዲስ ቀድቼ ጨረስኩ። ለብ ያለ ውሃ ጠጥቼ፣ እናትየው እንዴት እንዳደሩ ጠይቄ፣ ትንሽ ተጫውተን ነበር የምጀምረው። ድምፄ ዝቅ ያለ ቢሆንም የማይጎተት ሆነ። ከሥሩ የገባው የዝምታ ደቂቃ ግን የአድማው ጠዋት ነው፤ ሌላ አላገኘንም። በአሥራ ሁለቱም ጸሎቶች ውስጥ አለ። የሚያውቀው ስለሌለ ማንንም አላስደነገጠም።

ሚሞሪዎቹ ለየታማሚው ቤት ተከፋፈሉ። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ከቄሱ ጋር አንድ ሽማግሌ ልጠይቅ ሄድኩ። ሦስት ዓመት የተኙ ሰው ናቸው። ድምፄን እንደሰሙ ዐወቁኝና እጄን ያዙኝ።

«ተባረኪ ልጄ» አሉ። «አምስተኛው ጸሎት ላይ ግን ትቸኩያለሽ። አሜኔን ሳልጨርስ ነው የምታልፊኝ።»

ቤቴ ገብቼ አምስተኛውን ከፈትኩ። እውነታቸውን ነው። አንድ ባዶ መስመር ዘልያለሁ።