«ሳል ነው» የተባለው በሽታ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት፤ ሰው ፊት መናገርም ያሳፍረኛል። ይህ ግን ውስጤን እየበላኝ ስለሆነ ልጻፈው።

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን ግቢ አጸዳለሁ፤ የጥበቃ ውሾቹንም የማበላው እኔ ነኝ። ሁሉም ከአንድ ሳህን ይበላሉ። የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው ብለን ሳህኑን ከሰው ዕቃ እናርቀዋለን፤ ስለምናርቀውም የሚያጥበው የለም። ትርፍራፊውን በአሮጌው ላይ ገልብጬ እሄድ ነበር።

አምና ውሾቹ በሙሉ ሳሉ። አጥንት ጉሮሯቸው ላይ የተሰነቀረ ይመስል ነበር፤ ግን ይበላሉ፣ ይጮሃሉ። በሁለት ሳምንት ለቀቃቸው።

ዘንድሮ የጥበቃ ኃላፊው ከሰኞ ገበያ አንድ ወጣት ውሻ አመጣ። እሱም ይስላል። ዓይኑና አፍንጫው ግን መግል ያወጣል፤ ምግብም አይነካም።

«ጋሼ፣ ይኼኛው እኮ አይበላም» አልኩት እንደ ምንም።

«ዶክተሯ መጣች!» ብሎ ዘበኞቹን አሳቀብኝ። «ሳል ነው። አምና ማን ሞተ?»

እዚያው ግቢ ከተወለዱ ሦስት ቡችሎችና ከእናታቸው ጋር አስገባው። ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ ዛሬም ያናድደኛል።

ውሻው በአምስተኛው ቀን ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ከቡችሎቹ ሁለቱን አተኮሳቸው፣ አስቀመጣቸው፣ ዓይናቸው ተጣበቀ። አንዷ አፏ ባዶ ሆኖ መንጋጋዋ እንደሚያኝክ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በካርቶን አድርጌ በሚኒባስ ደሴ፣ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኳት።

ለሐኪሙ የአምናውንም ሳል ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀ።

«የአምናው ‹ኬነል ኮፍ› የሚሉት የውሾች ሳል ነው፣ እህቴ። ተጠጋግተው ሲኖሩ በትንፋሽ ይጋባል፤ የሚይዘው የአየር ቧንቧቸውን ስለሆነ አብዛኞቹ ይድናሉ። ይኼ ግን ዲስተምፐር የሚባል ቫይረስ ነው። እሱም በትንፋሽ፣ በንፍጥ፣ በጋራ ሳህን ይተላለፋል፤ ሳንባ፣ አንጀት፣ አንጎል ድረስ ይገባል። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለንም። ክትባት ግን ነበረው።»

እናታቸውም እንደ ሌሎቹ ትልልቅ ውሾች ተከትባ ነበር። ስለ ልጆቿ ያሰበ የለም።

«አንድ ያልታመመ ቀርቷል» አልኩት።

«ዛሬውኑ ለዪው። የብቻው ሳህን ይኑረው። መጀመሪያ እሱን አብዪ፣ ከታመሙት ወጥተሽ እሱ ጋ እንዳትገቢ። ተይዞም ሊሆን ይችላል፤ ብቻ ሞክሪ።»

ተመልሼ ቡችላውን ባዶ ክፍል ውስጥ ቆለፍኩበት። ኃላፊው «ክፈቺ፣ ከእናቱ ጋር ይደር» አለኝ።

«ወላሂ አልከፍትም!» ብዬ ጮህኩበት። እንዲያ መጮህ እንደምችል እኔም አላውቅም ነበር። ቁልፉን ይዤ ሄድኩ።

የታመሙት ሁለቱ ሞቱ። ሳህኑን በሳሙናና በበረኪና አጠብኩ፤ የረገጡትን ሲሚንቶም ፈገፈግኩ። ሰው ቢሳለቅ ግድ አልነበረኝም። ቡችላው ለብቻው ከወር በላይ ቆየ፤ አልሳለም፣ አላተኮሰውም። አስከትቤው ወደ ግቢው ስለቀው ኃላፊው በር ላይ ቆሞ ነበር። ሲሮጥ አይቶ ሳቀ።

«አየሽ? ሳል ነው አላልኩሽም?»