የሌለው ገምጋሚ
ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ አካባቢ በተከራየነው ቤት፣ ታናሽ እህቴ የኦንላይን ቁማር ቤቶችን ለሚገመግምና ደረጃ ለሚያወጣ ድረ ገጽ ትጽፍ ነበር። እሷ ተጫውታ አታውቅም። ጽሑፏ የሚወጣው በአንድ ፈገግተኛ ሽማግሌ ፎቶ ሥር ነው።

«ማን ናቸው?» አልኳት።

«የሉም። ፊታቸውን የሠራው ኮምፒውተር ነው።»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገጹን አብረን ስናይ፣ ላሸነፈ ሰው አይከፍልም እየተባለ የሚከሰስ ቁማር ቤት ከመጨረሻ ተነስቶ አንደኛ ሆነ። የጻፈችው አልተነካም፤ የጨመሩት የደረጃ ኮከቦቹ ብቻ ናቸው። አለቃዋን ብትጠይቀው፣ «በእኛ ሊንክ ገብቶ ገንዘብ ለሚያስይዝ ሰው ሁሉ የሚከፍሉንን ኮሚሽን ከፍ አደረጉ» ብሎ ጻፈላት። ኮሚሽን እንደሚቀበሉ ገጹ ግርጌም በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል። የቁማር ቤቱን የፈቃድ ቁጥር በፈቃድ ሰጪው መዝገብ ብንፈልገው አጣነው።

እህቴ ገጹን ዘጋችው። ሥራውንም በዚያው ሳምንት ተወች።