እማዋይሽ ዲጋን የወሰደችበት ሰሞን

ትዕግስት የሚባል ነገር አልታደልኩም። ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ ልሁን ያልኩ ቀን የመከረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይሄኔ ነጋዴ ነበርኩ። ለማንኛውም በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓ.ም. ነቀምቴ በነበረች አንዲት ሆስፒታል የልጆችን ክፍል የያዝኩት እኔ ቀነዓ ነበርኩ፤ ክፍሉን የምታጸዳው ደግሞ እማዋይሽ።

እማዋይሽ የቢቸና ሰው ናት። ወታደር ባሏን ተከትላ፣ እናቷን እዚያው ትታ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ ወለጋ ገባች፤ ባሏ ሞተ፣ እሷ ቀረች። ኦሮምኛዋ ከእኔ ባይሻልም ቀልዱን ግን ታውቅበታለች። ስለ ቢቸና ከጠየቋት መጥረጊያዋን አንስታ ትሄዳለች። ቁጭ ስትል አይቻት አላውቅም፤ በእጇ የሚሠራ ካጣች የጠረገችውን ትጠርግ ነበር።

ሎሚ የመጣችው በመስከረም ነው። ከነቀምቴ ወጣ ያለችው የዲጋ ልጅ፣ አሥር ዓመቷ፣ አራተኛ ክፍል። ከዘይቱን ዛፍ ወድቃ ጭኗን ሰብራለች። እናቷ አራስ ስለሆነች አባቷ ኦቦ ደረሳ በጭነት መኪና አምጥቶ ጥሏት ተመለሰ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲመጣ ያያታል። ሐኪሙ እግሯን በፕላስተር ጠቅልሎ፣ ገመድ አስሮ፣ ገመዱን በአልጋው ግርጌ ባለች መዘውር አሳልፎ የአሸዋ ከረጢት አንጠለጠለበት። አጥንቱ ቀጥ ብሎ እስኪገጥም ከረጢቱ ሌት ተቀን መጎተት አለበት። በጀርባዋ ተኝታ፣ ሳትነሳ፣ ሳትዞር፣ ስድስት ሳምንት።

መጀመሪያ ሕመሙ ራሱ አስተኛት። በአሥረኛው ቀን ሕመሙ ሲተዋት ጉዱ መጣ። አንሶላውን ትቀድዳለች፣ ፕላስተሩን ትልጣለች፣ ጎረቤቷን ትቆነጥጣለች። ዝም በይ ስላት ምላሷን ታወጣልኛለች። ቀኑን ሙሉ እሷን ስጠብቅ የሌሎቹ ቁስል ሳይታጠብ ይውላል። እኔም እንደሷ መቀመጫ አጣሁ።

እማዋይሽ ታዲያ «ይቺ ልጅ ሥራ ፈታ እንጂ ባለጌ ሆና አይደለም» አለችና የገበጣ ገበታ ይዛ መጣች። ገበጣ በባቄላ! ባቄላው አንሶላ ላይ ተንከባለለ፣ ሎሚም ለመልቀም ቀና አለች፤ ደርሼ ትከሻዋን ያዝኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አልኳት እማዋይሽን፤ የለቀምኩት ግን እኔው ነኝ፣ አልጋ ሥር ገብቼ።

ከዚያ በኋላ እንቆቅልሽ አመጣች። ይኼ እንኳን አይንከባለልም። እያጸዳች በአማርኛ ትጠይቃለች፤ ሎሚ በተራዋ «ሂቦ!» ትላለች፣ እንቆቅልሽ ማለቷ ነው፣ በኦሮምኛ ትጠይቃለች። ያላወቀ አገር ይሰጣል። ሎሚ ጊምቢን ሰጠች፣ ነጆን ሰጠች፣ አርጆን ሰጠች፤ ክፍሉ ሦስት ቀን ሙሉ ሰላም ሆነ። በአራተኛው ቀን የምትሰጠው አገር አለቀባት።

«ዲጋን ስጭኝ» አለች እማዋይሽ።

ልጅቷ አመነታች፤ ሰጠች። እማዋይሽም ወጉ ነውና ፎከረችባት፤ «ዲጋ ገብቼ ምን አጥቼ! የእናትሽን ላም አልቤ፣ እርጎውን ጠጥቼ፣ ካንቺ መኝታ ላይ ተኝቼ!» ሁሉም ልጅ ሳቀ። ሎሚ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ነገሬም አላልኩት።

እኩለ ቀን ላይ ምሳ በልተን ስንመለስ ገመዱ ተፈቷል፣ ከረጢቱ መሬት ላይ ነው፣ ሎሚ አልጋው ጫፍ ላይ ላብ አጥምቋት ታቃስታለች። አገሬ ልሄድ ነው አለች። ሐኪሙ ሁለቱን እግሮች በሜትር ለካ፤ የተሰበረው በአንድ ጣት አጥሯል። እንደገና ጎትቶ አሰረላት። ስድስቱ ሳምንት ከዛሬ ይጀምራል፤ አንድ ጊዜ ከተደገመ አጥንቱ ተደራርቦ ይገጥምና ዕድሜ ልኳን ስታነክስ ትኖራለች አለ። ቅዳሜ ኦቦ ደረሳ ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ወጌሻ ዘንድ እወስዳታለሁ፤ አንድ ሳምንት ታገሱኝ፣ መኪና ላፈላልግ» ብሎ ሄደ። በዚያ መንገድ፣ በዚያ መኪና ላይ እግሯ ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር።

እኔ ያደረግኩትን ልናገር፤ ሁለት እጇን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰርኩ። እየጮኸች አሰርኩ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

እማዋይሽ ገብታ አየች። ቋጠሮውን ትፈታ ጀመር።

«ተዪ አልኩሽ!»

«አንተ ተው። እሷ ምን አጠፋች? አገሯን የቀማኋት እኔ ነኝ። ሕፃን ልጅ ታማ ተኝታ፣ መኝታሽን ወሰድኩብሽ እላታለሁ? ይኼ ምላሴ ይቆረጥ።» እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ነበር። ፋሻውን በሎሚ እጅ ላይ አስቀመጠችና «ጠቅልይው፣ ለቀነዓ ይጠቅመዋል» አለቻት።

ሎሚ ጠቀለለች። በማግስቱ የታጠበውን ፋሻ ሁሉ ሰጠኋት፤ ከእኔ የተሻለ አጥብቃ ትጠቀልል ነበር፣ ይኼ ደግሞ አናደደኝ።

እማዋይሽ ለዲጋ መመለሻ ውል አወጣች። ሎሚ ከሰው እንቆቅልሽ እየሰበሰበች ትጽፋለች፤ እማዋይሽ ላቃታት ለያንዳንዱ ከነቀምቴ ወደ ዲጋ የሚወስደውን መንገድ ቁራሽ ቁራሽ ትለቅላታለች። የተለቀቀውን ሎሚ ትስለዋለች። የመድኃኒት ሳጥን ክዳን ጠርዝ ስላለው ከላዩ ምንም አይንሸራተትም፤ ወረቀት አድርገንበት፣ ሁለት ገመድ አበጅተን ከደረቷ በላይ ወደ ፊቷ አዘንብለን አንጠለጠልነው። ብዕር ወደ ላይ ሲይዙት ቀለሙ ስለማይወርድ እርሳስ ሰጠናት፤ እንዳይወድቅ እርሳሱን በክር አሰርነው። ትንሽ ስትስል ክንዷ ይዝላል፤ ያኔ ፋሻ፣ ፋሻው ሲሰለቻት እንቆቅልሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ሲነጋ «አካም ቡልቴ» ሳትለኝ በፊት እርሳሷን ትጠይቃለች።

ቅዳሜ ኦቦ ደረሳ መኪና አግኝቶ መጣ። ልብሷን ሊሰበስብ ሲል ሎሚ «አባ፣ ከድልድዩ ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ ነው ወይስ ዋርካው?» አለችው።

«ዋርካው» አለ ቆሞ። ከዚያ ወረቀቱን አየ። «የለም፣ ዋርካው በግራ ነው። እዚህ ጋ አይደለም።» አጎንብሶ በጣቱ አሳያት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የአያቱን እንቆቅልሽ ሲያስጽፋት አገኘሁት። መኪናው ውጭ ጥሩንባ ቢነፋ ቢነፋ አልወጣም፤ ጥሎት ሄደ። የወጌሻው ነገር በዚያው ቀረ።

ስድስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ሐኪሙ ራጅ አነሳት፤ አጥንቱ ገጥሟል። እግሮቿን በሜትር ለካ። ሁለቱም እኩል። ገመዱ ተፈታ፣ ጉልበቷ እስኪፍታታ ጥቂት ቀን ቆየች፣ ከዚያ በተሰበረው እግር ሳትረግጥ በምርኩዝ መሄድ አስለመድናት።

የምትወጣ ቀን እማዋይሽ ወለል እየጠረገች አልሰናበትም አለች። ሎሚ ምርኩዟን እያንቋቋች ሄዳ ፊቷ ቆመች።

«አዴ እማዋይሽ፣ ሂቦ። ሲጎትተኝ ቆምኩ፣ ሲለቀኝ ሄድኩ።»

ያቺን የአሸዋ ከረጢት ሁለት ወር ስትወለውል የኖረች ሴት አላወቀችውም። ምናልባት አላውቅም ብላ ይሆናል።

«አገር ስጭኝ» አለች ሎሚ።

«ሲሬን ውሰጂ።»

«ሲሬ የእኔ ናት።»

«ባኮን።»

«እሷም የእኔ ናት። የሰጠሁሽን ሁሉ በእንቆቅልሽ መልሼ ወስጃለሁ።»

እማዋይሽ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደገፈች። «ቢቸናን» አለች በመጨረሻ።

ሎሚ እንደ ወጉ ደረቷን ነፋች። እኔ አሁን ትፎክርባታለች ብዬ ፈራሁ።

«ቢቸና ገብቼ ምን አጥቼ» አለች ሎሚ፤ «እናትሽን ስሜ፣ ደህና ናት ብዬ ነገርኳት።»

እማዋይሽ እዚያው አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ቁጭ ስትል ያየኋት ያን ቀን ነው። ለገና ፈቃድ ስትጠይቀኝ የት ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ወለሉን እሷ እስክትመለስ ራሴ ጠረግኩ።