የባንተአምላክ ኮት ቁመት

ደሞዜ በደብረ ታቦር ገበያ ዳር ሙሉ ልብስ እየሸጠና እያስተካከለ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም፤ ሚስቱ አለምወርቅ «ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ያወልቃል እንጂ ሜትሩን አያወልቅም» እያለች ታሾፍበታለች። ሲለካ ሜትሩን በብብት ሥር አዙሮ፣ በደረቱ ሰፊ ቦታ ላይ አስተካክሎ፣ አንድ ጣት ያስገባል። «ሠላሳ ስምንት ኢንች ከወጣህ ኮትህ ሠላሳ ስምንት ነው» ይላል። «ሾርት፣ ሬጉላር፣ ሎንግ፣ ማለት አጭር፣ መካከለኛ፣ ረጅም የሚባለው ግን ለቁመትህ ነው። ደረታቸው እኩል ስለሆነ ብቻ አጭርና ረጅም ሰው አንድ ኮት አይለብሱም።»

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ አንድ የጥር ቀን የዋሸው።

ባንተአምላክ ከገሳይ ከተማ ከእናቱ ከእትዬ ፈንታነሽ ጋር መጣ። በማግሥቱ ሚዜ ነው። ደረቱ ሠላሳ ስምንት፣ ቁመቱ ግን የሱቁን በር ጉበን የሚነካ፤ ያለ ሎንግ የማይሆን ልጅ። ሎንጉ አልቆ ነበር። ደሞዜ ገዢው እንዳያመልጠው ሬጉላሩን አነሣ፤ የእጅጌውን እጥፋት ፈትቶ ወደ ታች ለቀቀውና ሰፋው። እጅጌ ይለቀቃል። ወገቡ ግን አይለቀቅም፤ ኪሱና ቁልፉም ከተሰፉበት አይወርዱም። ልጁ መስታወቱ ፊት ቆሞ ኮቱን ከኋላ ሳብ ሳብ አደረገና፣ «ጋሼ ደሞዜ፣ አላጠረም?» አለ።

«ሎንግ እኮ ነው የኔ ልጅ። ያሁን ዘመን አቆራረጡ እንዲህ ነው።» እናትዮዋም ሰሙ፣ አመኑት።

በሐምሌ ባንተአምላክ ያንኑ ኮት ለብሶ እብናት ለጓደኛው ልጅ ክርስትና ሄደ። ሲመለስ የርብ ወንዝ ሞልቶ ነበር። ሲሻገር ያየው ሰው የለም። በአምስተኛው ቀን ከይፋግ በላይ አንድ ጥቁር ኮት ውሃ ዳር ካለ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ፤ ሰውየው ግን አልነበረም።

የልጁ አጎት መምህር አስናቀ በጠዋት የደሞዜን ሱቅ አንኳኳ። «እህቴ ኮቱን የሸጠው ሰው ካልመጣ አላለቅስም ብላለች» አለው።

ገሳይ ሲደርሱ ጉሙ ከቤቱ ጣራ አልተነሣም። ሬሳ ስለሌለ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ በልጁ ቁመት እንጨት ተክለው፣ ገለባ ጠቅጥቀው ምስሉን ሠርተውለታል። ኮቱንም አልብሰውታል። ፊት የለውም። ነፋሱ ገፋ ሲያደርገው እጅጌው ይነቃነቃል፣ ሰው ሰላም ሊል እጁን የሚያነሣ ይመስላል። የደሞዜን ዓይን የያዘው ግን እጅጌው አልነበረም። ኮቱ ከወገብ በላይ ቀርቷል። ሴቶቹ ደጋግመው ወደ ታች ቢስቡትም እየተመለሰ ወደ ላይ ይሰበሰባል።

«ልብሱ እንቢ አለ» አለች አንዲት ሴት ዝቅ ባለ ድምፅ። ሌሎቹ አማተቡ።

እትዬ ፈንታነሽ ደረቅ ዓይናቸውን ደሞዜ ላይ ተከሉ። «አስናቀ ኮቱ ውስጥ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቦታል። ሠላሳ ስምንት ሬጉላር ይላል። አንተ ለልጄ የሰጠኸው ሎንግ ነው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይኸውና አጥሯል፤ የሌላ ሰው ነው። የኔ ልጅ የሆነ ቦታ ተቀምጧል። በላ፣ ንገራቸው!»

የተሰበሰበው ሁሉ ደሞዜን አየ። «አዎ፣ የሌላ ነው» ቢል ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ በር በሩን ሲያዩ ይኖራሉ። እውነቱን ቢል ደግሞ ልጁን የሚገድለው እሱ ነው። ወደ ምስሉ ተጠጋና እጅጌውን ገለበጠ። የድሮው እጥፋት መስመር አለ። ከሥሩም የራሱ ስፌት፤ ያን ቀን ጥቁር ክር አልቆበት በሰማያዊ የሰፋው። ውሃው አልፈታውም።

ጆሮው ሥር፣ ማንም አፉን ሳይከፍት፣ «ጋሼ ደሞዜ፣ አላጠረም?» የሚል ድምፅ ሰማ። ዞር አለ። ከገለባው በቀር ማንም አልነበረም።

«የእሱ ነው» አለ ደሞዜ። እንባው ቀደመው። «ሎንግ አልነበረኝም፣ እትዬ ፈንታነሽ። ዋሸኋችሁ። እጅጌውን የለቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ስፌቱ የእኔ ነው።»

እትዬ ፈንታነሽ ሰማያዊውን ክር አዩ።

«ያን ቀን አጥሮበት ነበር?»

«አጥሮበት ነበር።»

ሴትዮዋ ወደ ምስሉ ሄዱ። የኮቱን ጫፍ በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ታች ሳቡ፤ የልጃቸውን ወገብ ሊሸፍኑለት። ሲለቁት ተመልሶ ወጣ። እንደገና ሳቡት። ያን ጊዜ ነው ጮኸው ያለቀሱት።