ሻወራችን ያቃስት የነበረ ጊዜ

መካኒሳ እንኖርበት የነበረው ቤት የአንድ ሀብታም ቪላ ነበር። ተወረሰና ለሁለት ተከፈለ። ሳሎኑ ያለበት ወገን ለቀበሌው ሊቀመንበር ደረሰ፤ ጓዳውና መታጠቢያ ቤቱ ያለበት ወገን ደግሞ ለእኛ። መሃል ላይ ያቆሙት ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ስለነበር ሊቀመንበሩ ሲያስነጥስ ከእኛ ወገን ሆኖ «ይማርዎ» ማለት ይቻል ነበር።

ሻወር ስላለን ሰፈሩ ይቀናብን ነበር። ገብተው ቢታጠቡበት ኖሮ ያዝኑልን ነበር። ውሃው ከጉድጓድ የሚሳብ ነው፤ የሻይ ማንቆርቆሪያችን ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል፣ የሻወሩ ራስም እንደዚያው። ከቀዳዳዎቹ ከግማሽ በላይ ተደፍነዋል። የተረፉት ውሃውን ወደፈለጉት ይተፉታል፤ አንዱ ዓይን ውስጥ፣ አንዱ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ በሩ ላይ የሰቀልኩት ፎጣ ላይ። ከሥሩ ለቆመ ሰው የሚደርሰው ጠብታ ብቻ ነው። ሁለት ቀጫጭን ጅረቶች ግራና ቀኝ በግድግዳው ላይ ይወርዱና መሃሉን ደረቅ አድርገው ይተዉታል። ደረቁ ቦታ የሰው ቁመት ያህል ነበር፤ ዙሪያውን ነጭ መስመር ሠርቶበታል። ስታጠብ ጀርባዬን እንዳልሰጠው እጠነቀቅ ነበር።

በዚያ ዓመት አብዮት ጠባቂዎች ታላቅ ወንድሜን ከቤት ወሰዱት። እናቴ ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ስታመላልስ ከረመች። አንድ ቀን ጠባቂው ሳህኑንና ሹራቡን መልሶ ሰጣትና «ከእንግዲህ እንዳታመጪ» አላት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። እንደ እሱ ላለ ሟች ድንኳን መጣል፣ ጥቁር መልበስ፣ ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ስታለቅስ የተሰማች እናት ራሷ ተጠርታ ትጠየቃለች። እኛ ደግሞ ከሊቀመንበሩ የሚለየን ያ ስስ ጣውላ ነው።

እናቴ አላለቀሰችም። ሳህኑን አጥባ ደፋችው፣ ሹራቡን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው፣ ራት ሠራች። ጠላኋት። በልቤ ይህች ሴት ድንጋይ ናት አልኩ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ሰው ለመጥላት ብዙ አያስፈልግም።

ድምፁን መስማት የጀመርኩት ከወራት በኋላ ነው። እናቴ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትታጠባለች። ድሮ ሻወሩ ሲከፈት ቤቱ ሁሉ ይንሿሿ ነበር፤ ውሃው እየደከመ ሲሄድ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ይሰማ ጀመር። ወፍራም፣ የታፈነ፣ የወንድ የሚመስል ማቃሰት። ጓሮ ልብስ ሳሰጣ በመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ መስኮት ይመጣና ይቋረጣል፤ ተመልሶም ይመጣል። ወንድሜ ሲታጠብ ያንጎራጉር ነበር። እናቴ ፊቷን ጠራርጋ ስትወጣ «ምንድነው የሚያቃስተው?» ስላት «ቧንቧው ነው» ትለኛለች። አመንኳት፤ ግን ብቻዬን መታጠብ ፈራሁ። ያ ደረቅ ቦታ ደግሞ ቀን በቀን ጠርዙ እየነጣ፣ እየጎላ ሄደ።

አንድ ሐሙስ የሊቀመንበሩ ሚስት በልብስ ማስጫው ገመድ በኩል እናቴን ጠራቻት። ክፉ ሴት አልነበረችም።

«እትዬ፣ ቧንቧችሁ ምን ሆኖ ነው? ሲመሻሽ ሰው የሚያለቅስ ይመስላል። ባለቤቴም ሰምቶታል። እሁድ ቧንቧ ሠራተኛ አምጥቼ አስፈትሸዋለሁ ብሏል።»

«አርጅቶ ነው» አለች እናቴ። እርጥቡ አንሶላ ግን እጇ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ገበያ ስትወጣ የራሴን ፍርሃት ራሴ ልገላገለው ብዬ ተነሳሁ። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ አሰብ መንገድ ላይ ቢከርምም የመፍቻ ሳጥኑ ቤት ነው ያለው። በርጩማ ላይ ወጣሁ፣ የሻወሩን ራስ እንዳይጫር በጨርቅ ጠቅልዬ በፒንሳ ያዝኩና ፈታሁት። ከዚያ ራሱ የሌለበትን ቧንቧ ከፈትኩ።

ውሃው እንደ ክንድ ወፍሮ ወጣና ግድግዳውን መታው። ከበርጩማው ልወድቅ ነበር። ዘጋሁት። ቀስ ብዬ ከፈትኩ፣ ድንገት ከፈትኩ፣ ግማሽ ዘጋሁ፣ ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጠፍኩ። አላቃሰተም። ቧንቧው ጤነኛ ነበር፤ ግፊቱም ሙሉ ነበር። በሽታው ያለው እጄ ላይ ባለው ራስ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ውሃ ያፍናል እንጂ ድምፅ የለውም።

ታዲያ ማን ነበር የሚያቃስተው?

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ላይ የእናቴ ፎጣ ተሰቅሏል። አወረድኩት። አንዱ ጫፉ በጥርስ ተነክሶ ተነክሶ ክሩ ተበጣጥሷል። አፈርኩ። እስከ ዛሬ እንደዚያን ዕለት አፍሬ አላውቅም። የውሃው ድምፅ እየሸፈነላት ልጇን የምታለቅስበት አንድ ቦታ ነበራት፤ ጠጠር የያዛቸው ቀዳዳዎች እሱንም እየዘጉባት ነበር። እሁድ የሚመጣው ሠራተኛ ደግሞ እኔ የደረስኩበት ላይ ለመድረስ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ማንቆርቆሪያውን እናቴ በምን እንደምታጸዳው አውቃለሁ። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃና ያለንን አቼቶ ሁሉ ጨመርኩ፣ ሁለት ሎሚ ጨመቅሁበት፣ የሻወሩን ራስ ነከርኩት። ወዲያው ከየቀዳዳው ትንንሽ አረፋ ይወጣ ጀመር፤ ዝም ያለው ክፍል ውስጥ ሲስስ የሚል ድምፅ። ከሥሩ የሆነ ነገር የሚተነፍስ ይመስል ነበር። ቁጭ ብዬ ሳየው እናቴ ዘንቢሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች።

«ምን አደረግሽው?» ድምጿ አልወጣም ማለት ይቻላል።

«ላጸዳው ነው፣ እማዬ። ቧንቧው ምንም አልሆነም።»

አየችኝ። ጭኔ ላይ ያለውን ፎጣም አየች። ዘንቢሉን አስቀመጠችና ከመርፌ ማስቀመጫዋ መርፌ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ቅርፊቱ ሲለሰልስ ራሱን ከሳፋው አወጣነው። ቀዳዳዎቹ ያሉበትን የፊት ክዳን ፈታን። ውስጡ ነጭ ጠጠር ሞልቶ ነበር፤ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ፈገፈግነው። እሷ ቀዳዳዎቹን በመርፌ አንድ በአንድ ወጋች፣ እኔ ወደ ብርሃን እያነሳሁ አየሁ። «ይኼኛው ገና ነው» እላትና እመልስላታለሁ። የላላው ጠጠር ተመልሶ እንዳይደፍነው ቧንቧውን ለብቻው ጥቂት አፈሰስን፣ ውሃ እንዳያፈስ የቧንቧው ጥርስ ላይ ክር ጠመጠምን፣ ራሱን መልሰን አጠበቅነው።

ስንከፍተው ውሃው ከሁሉም ቀዳዳ እኩል ወረደ። ድምፁ ቤቱን ሞላው። ግድግዳው ላይ ያለው ደረቅ ሰው ከራሱ ጀምሮ እየረጠበ ሄደና ጠፋ። እናቴ እጇን ዘርግታ መጨረሻ የቀረውን ቦታ ዳሰሰችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር። «ግቢ» አልኳት። «እኔ ውጪ ሆኜ አዳምጣለሁ።»

ዞሬ ከእነ ሊቀመንበሩ መስኮት ሥር ቆምኩ። የሚሰማው ውሃ ነው። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አስጠጋሁ፤ ውሃ ብቻ ነው። የሊቀመንበሩ ሚስት በመስኮት ብቅ አለች።

«ተሠራላችሁ እንዴ? እሰይ! በቃ ለእሱም እነግረዋለሁ፣ ሠራተኛ አያስፈልግም።»

«አያስፈልግም» አልኳት።

እናቴ ብዙ ቆይታ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አልደበቀችኝም።

«ተሰማ?»

«ምንም አልተሰማም።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ያን ጫፉ የተበጣጠሰ ፎጣ እጄ ላይ አስቀመጠችና እኔ ቆሜበት ወደነበረው ቦታ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ለማዳመጥ ሄደች።

ገባሁ፣ ውሃውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት።