የገብረዋህድ ሰዓት

ገብረዋህድ አንድም ቀን ቀጠሮ አክብሮ አያውቅም። በዶክተር ሃይለአብ ክሊኒክ ኮምፒውተር ላይ ስሙ በየቀኑ አለ፤ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ሰውየው ግን ብቅ አይልም። እንዴትስ ብሎ ብቅ ይበል? ከሞተ ቆይቷል። በየቀኑ ቀጠሮ የምትይዝለት የገዛ ልጁ ማሚት ናት።

ማሚት ክሊኒኩ ከተከፈተ ጀምሮ እንግዳ መቀበያው ላይ ነች። ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል ሲኬድ ገባ ብሎ ያለ፣ አንድ ሐኪም፣ አንዲት ነርስና አንድ ጠባብ ላቦራቶሪ ያለው ትንሽ ቤት ነው። ከቂርቆስ በእግሯ እየመጣች ስልክ ታነሳለች፣ ካርድ ታወጣለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች። ቀጠሮ መያዝ ቀላል የሚመስለው ላልያዘው ነው። ሁሉም ጠዋት ይፈልጋል፣ ሁሉም «ማሚትዬ፣ ለእኔ ስትይ» ይላል፣ ሁሉም የራሱ ሕመም ከሰው ሁሉ ሕመም ይበልጥበታል።

ድሮ ለአንድ ሰው ሃያ ደቂቃ ይሰጥ ነበር። ከጥቂት ሰዎች በኋላ ደግሞ ማንም የማይቀጠርበት አንድ ባዶ ሰዓት ይተዋል። ባዶ ነው ማለት ሥራ ፈት ነው ማለት አልነበረም። አንዱ በሽተኛ ልብሱን እስኪያወልቅ፣ ሌላዋ ደግሞ ወደ በሩ ከሄደች በኋላ ተመልሳ «አይ ዶክተር፣ አንድ ነገር ረሳሁ» ብላ ዋናውን ሕመሟን እስክትናገር የሚባክነውን ጊዜ ያ ክፍተት ይውጠዋል። ከተረፈ ደግሞ ያለ ቀጠሮ ለመጣ ሰው ይሆናል። የሰፈሩ ሰው ቀጠሮ የሚባል ነገር መቼ ያውቅና! በነጠላው ተሸፋፍኖ ይገባል፣ «ለሰላምታ ነው» ይላል፣ ይቀመጣል። ታሞ መምጣቱን በአፉ አይናገርም፤ ነውር ነው፣ ሰው ማስቸገር ነው። ማሚት ግን ታውቃቸዋለች። ሲስተር ሰብሊን ትጠቅሳታለች፣ ሰብሊ ግፊታቸውን ትለካለች፣ ክፍተቷ ስትደርስ ይገባሉ።

ሉሊ መጣችና ይሄ ሁሉ ቀረ። ሉሊ የዶክተሩ ሚስት እህት ናት፤ ማኔጅመንት ተምራለች፤ «አስተዳዳሪ» የሚል ጽሑፍ በሯ ላይ ለጥፋለች። በመጣች በሳምንቱ ሃያውን ደቂቃ አሥራ አምስት አደረገችው፣ ክፍተቶቹን ሞላቻቸው። «ባዶ ወንበር ኪሳራ ነው» አለች። ያለ ቀጠሮ የመጣ ሰው ቀጠሮ ያላቸው ሁሉ ካለቁ በኋላ ይታያል፤ ተራው ሳይደርስ ግፊትም ሙቀትም አይለካም፣ ነርሷን ያዘናጋልና።

ዶክተሩ በአሥራ አምስት ደቂቃ ሰው ጨርሶ የማያውቅ ሰው ነው። አንገት ይዳብሳል፣ ዓይን ይገልጣል፣ ስለ ልጆች ይጠይቃል። ጥሩ ሐኪም ነዋ! እና የመጀመሪያው ሰው አምስት ደቂቃ ያሳልፋል፣ ሁለተኛው ያንን ተሸክሞ የራሱን ይጨምራል፣ እኩለ ቀን ላይ የአራት ሰዓት ቀጠሮ ያላት ሴት ገና አግዳሚው ላይ ናት። የምሳ ሰዓት ይበላል፣ ከሰዓት በኋላው ደግሞ ከነእዳው ይጀምራል። ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉም በሰዓቱ ነው፤ አግዳሚው ላይ ሰው ይቃጠላል።

ማሚት ይህንን ለዶክተሩ መንገር ነበረባት። አልነገረችውም። አባቷ ታሞ በነበረ ጊዜ ዶክተር ሃይለአብ ቤት ድረስ እየመጣ አክሞታል፤ አሁን በሚስቱ እህት ላይ አፏን ልትከፍት? ይሉኝታ ያዛት። ይሉኝታ በዚህ አገር ስንቱን ቀብሯል! ስለዚህ ተደበቀች፦ ጠዋትና ከሰዓት አንዳንድ ሰዓት በአባቷ ስም ያዘች። ኮምፒውተሩ ስልክ ቁጥር ሲጠይቃት የራሷን ሰጠች። ገብረዋህድ በሕይወቱ እያለም ለሰው መንገድ የሚለቅ ሰው ነበር፤ ሞቶም ለቀቀ። ዶክተሩ በዚያች ሰዓት ወደ ኋላ የቀረውን ይደርስባታል፣ ለሰላምታ የመጣ ሰውም ይገባባታል። ማታ ማታ ስልኳ ላይ መልእክት ይመጣል፦ «ውድ ገብረዋህድ፣ ነገ ቀጠሮ እንዳለዎት እናስታውሳለን።» መጀመሪያ ሰሞን ሳቀች። በኋላ ሳይመጣ ሲዘገይ ይከፋት ጀመር።

አንድ ቀን ሉሊ ከቢሮዋ ወጣች። አግዳሚው ሙሉ ነው።

«ማሚት፣ ይሄ ገብረዋህድ የሚባለው ሰውዬ ምንድነው ችግሩ? በቀን ሁለቴ እየተቀጠረ በቀን ሁለቴ ይቀራል!»

«ይመጣል... ማለቴ፣ አንዳንዴ ይመቸዋል...»

«ቆይ እኔው ልደውልለት በቃ።»

ደወለች። የማሚት ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ።

አግዳሚው ላይ የነበረ አንድ ጎልማሳ «እንዴ፣ ሰውዬው እዚሁ ነው ያለው!» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ሉሊ አልሳቀችም። የማሚትን ሙሉ ስም መዝገቡ ላይ ታውቀዋለች፤ አባቷ መሞቱንም ሰምታለች።

«አባትሽ ነው? የሞተ ሰው ነው የምትቀጥሪው? ለማን ነው ሰዓቱን የምታስቀምጪው፣ ለዘመዶችሽ?»

ማሚት ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ፣ «ለሐኪሙ መተንፈሻ ነው፣ ድንገት ለሚመጣ በሽተኛ ነው» ብትል ኖሮ! ውሸቷ ግን እውነቷን ይዞባት ወደቀ። ዶክተሩ በሩን ገርበብ አድርጎ «ምንድነው?» አለ።

«የሌለ ሰው እየቀጠረች ነው።»

«በሉ ይቅር፣ ቀጣዩን አስገቡ» አለና ዘጋው። ያቺ ሰዓት ጠዋት ጠዋት ከውጥረት ታወጣው እንደነበር እሱም አያውቅም፤ ፈጣን ስለሆንኩ ነው ሳይል አልቀረም። ገብረዋህድ ከኮምፒውተሩ ተሰረዘ። በቦታው በቀን ሁለት ሰው ገባ።

በሚቀጥለው ሰኞ ጋሽ ወልዱ መጡ።

ጋሽ ወልዱ ማተሚያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ከክሊኒኩ ጀርባ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ አምሳለ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። እዚያም ሐኪም ሞልቷል፤ እሳቸው ግን ሁለት ታክሲ ይዘው ወደዚህ ይመጣሉ። «እዚያ ማን ያውቀኛል?» ይላሉ።

«እንዴት አደርሽ ማሚትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሽ ወልዱ! ቀጠሮ አለዎት እንዴ?»

«ኧረ የለኝም። ለሰላምታ ነው። አልቸኩልም እኔ።»

ኮምፒውተሩን አየች። አራት ሰዓት ተኩል፦ አንዲት የማታውቃት ወጣት። ዘጠኝ ሰዓት፦ አንድ ሹፌር። ቀና ስትል ጋሽ ወልዱ ምርኩዛቸውን ከዛለ ግራ እጃቸው ወደ ቀኝ ሲያዛውሩ አየች። አየች፤ ስልኩ ጮኸና አነሳች።

ጠዋቱ እንደ ሰኞ ሄደ። የሚያለቅስ ሕፃን ያቀፈች እናት ስትገባ ጋሽ ወልዱ ወንበራቸውን ለቀው ግድግዳ ተደገፉ። ማሚት ሲስተር ሰብሊን አየቻት፤ ሰብሊ የሉሊን በር አየችው። ምሳ ላይ ማሚት ሁለቴ «አንዴ ብቻ ጋሽ፣ አሁን ይገባሉ» አለቻቸው። አሁን የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዶክተሩ ገና የአምስት ሰዓቱን ሰው እያየ ነበር።

«ትንሽ ራሴን እያዞረኝ ነበር ጠዋት» አሉ ድንገት። ወዲያው ደግሞ ነገሩን እንደማባረር እጃቸውን አወዛወዙ። «ቁርስ ስላልበላሁ ነው። ተይው።»

«ሲስተርን ልጥራት?»

«ኧረ ተያት! ሥራ ላይ ናት። በኔ ይቆጧታል ደግሞ።»

ያቺን ጊዜ ማሚት ብትነሳ አሥር እርምጃ አይሞላም። ሉሊ በሯን ከፍታ ተቀምጣለች። አልተነሳችም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዘጠኝ ሰዓቱ ሹፌር ቀጠሮውን አክብሮ፣ ገብረዋህድ አክብሮ በማያውቀው ሰዓት፣ ከች አለ፤ ከፊቱም ገና ሦስት ሰዎች ነበሩ።

«በይ ልሂድ ልጄ» አሉ ጋሽ ወልዱ። «የታክሲው ሰልፍ ሳይበዛ። ሌላ ቀን እመጣለሁ።»

«ቀጠሮ ልያዝልዎት?»

ሳቁ። «ሞት እንኳ ቀጠሮ አልያዘልኝም» አሉና ወጡ። አግዳሚው ላይ ያሉትም አብረዋቸው ፈገግ አሉ።

ሲስተር ሰብሊ ሥራ ጨርሳ ከወጣች ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። ማሚት መብራት እያጠፋች ነበር። ሰብሊ በሩ ላይ ቆመች፣ ትንፋሽ አጥሯታል።

«ኡራኤል ታክሲ ተራው ጋ...» አለች። «ቅድም ሰልፍ ላይ እንዳሉ ወደቁ አሉኝ። ሰው ተሸክሞ ሆስፒታል ወስዷቸው ነበር። ስትሮክ ነው። አልደረሱም።»

«ማን?»

ሰብሊ እጇን ዘረጋችላት። ያን ምርኩዝ በእጇ ይዛ ነበር፤ ተራ አስከባሪው አደራ ብሏታል።

የዚያን ማታም የማሚት ስልክ ዝም አለ። የሚያስታውሳት ቀጠሮ አልነበረም።

ቀብሩ በቂርቆስ ሆነ። ዶክተሩም መጣ፣ ሉሊም ጥቁር ለብሳ መጣች፣ «እግዜር ያጽናችሁ» አለች። ማን ምን አላት? ማንም። ሰው በግፊት ሞተ፣ ዕድሜው ነው፣ ተባለና ተበተነ። አግዳሚ ላይ ስለዋለ ሰው ማን ይናገራል! በነጋታው ክሊኒኩ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተከፈተ፤ አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት ደቂቃ።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ እትዬ አምሳለ መጡ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። ማሚት ከመቀመጫዋ ዘላ ወጥታ እጃቸውን ሳመች።

«ምርኩዙን ልወስድ ነው የመጣሁት ልጄ። ለሰላምታም ነው።»

ለሰላምታ። ማሚት ፊታቸውን አየች፦ ዓይናቸው ቀልቷል፣ አንገታቸው ላይ ደም ሥር ይመታል። አግዳሚው ሙሉ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ስንጥር የምታህል ክፍተት የለም።

«ሲስተር!» አለች ጮክ ብላ። «እትዬን ለኪያቸው።»

ሉሊ ከቢሮዋ ብቅ አለች። «ቀጠሮ አላቸው?»

«የላቸውም።»

«እንግዲያው መጨረሻ ላይ...»

«ሉሊ፣ ቢሮሽ ግቢ!» አለች ማሚት። ድምፅዋን ራሷም አላወቀችውም።

ሰብሊ ለካች። መለኪያውን አይታ እንደገና ለካች፣ ከዚያ ቀና ብላ ማሚትን አየቻት። ማሚት የዶክተሩን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው።

«ዶክተር፣ አራት ሰዓት ተኩል የገብረዋህድ ሰዓት ነበር። አባቴ ሞቷል፣ ያውቃሉ። እርስዎ ያለፈብዎትን እንዲደርሱበት፣ ሳይቀጠር የመጣ ሰው እንዲታይበት እኔ ነኝ የደበቅሁት። ነግሬዎት ቢሆን ጋሽ ወልዱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገብተው ነበር። አሁን ባለቤታቸው ውጭ ናቸው፤ ግፊታቸው ከልክ በላይ ነው።»

ዶክተሩ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። «ጋሽ ወልዱ እዚህ መጥተው ነበር?» አለ።

«ቀኑን ሙሉ።»

ተነስቶ ወጣና እትዬ አምሳለን ራሱ ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው። ሉሊን አልፎ ሲሄድ «ሰዓቶቹን መልሱ፣ ሃያው ደቂቃም ይመለስ» አለ፤ ቆም ሳይል። ያ ብቻ ነበር። ያን ያህል ቀላል ነበር። ያን ያህል ቀላል መሆኑ ነው የሚያንገበግበው።

እትዬ አምሳለ መድኃኒታቸውን ይዘው፣ ምርኩዙን በብብታቸው ሸጉጠው ሲወጡ እንግዳ መቀበያው ጋ ቆሙ።

«ይቺ ልጅ ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ለካችኝ» አሉ ሰብሊን በአገጫቸው እያመለከቱ። «እግዜር ይስጣት። እሱንም ያን ቀን እንዲህ ለክታችሁት ነበር አይደል? ቤት ሆኜ እሱን እሱን ነው የማስበው። ለክታችሁት ነበር፣ አይደል ልጄ?»

ስልኩ ጮኸ። ማሚት አላነሳችውም። አፏን ከፈተች፤ እንደ በፊቱ የሚደብቃት ስም ፈለገች፤ አላገኘችም።

«አልለካናቸውም፣ እትዬ» አለች።

አሮጊቷ ምርኩዙን ከብብታቸው አውጥተው መሬት ላይ ተከሉት፤ ተደገፉትና ቀስ ብለው ወደ ታክሲው ወጡ።