ዳሩ አልዘገይም ያለው ጋላክሲ

ጂንካ ላይ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ደሜን የሚያፈላው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪ ከቀመሩ ጋር አልገጥም ያለችውን ነጥብ ከግራፉ ላይ ሲሰርዝ። ደግሞ ሙሉ ለሙሉ አልፈርድባቸውም። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ሚዛኑ ይዋሻል፣ በሙከራው መሃል መብራት ይሄዳል። ነጥቡ ከመስመሩ ሲወጣባቸው "ዕቃው ነው ቲቸር" ይሉኛል። እውነትም ብዙ ጊዜ ዕቃው ነው፤ ምን ብዬ ልከራከር?

የመመረቂያ ጽሑፏን የማማክራት አንዲት ጎበዝ ልጅ ነበረችኝ፣ የቀይ አፈር ከተማ ልጅ። እናቷ ገበያ ላይ ቅቤ ይሸጣሉ። ልጄ ዘንድሮ ትመረቃለች ብለው ቤተ ክርስቲያናቸውን በሙሉ አስጸልየዋል። ከወደቀች የምረቃ ጋውኑ ለሌላ ዓመት ነው፤ እሷን የጨነቃት ግን እናቷ ጉባኤው ፊት ምን ይላሉ የሚለው ነበር።

የሰጠኋት ሥራ ቀላል ይመስላል። የአንድ ጋላክሲ ከዋክብትና ጋዝ ከመሃሉ በየርቀቱ በምን ፍጥነት እንደሚዞሩ ሌሎች ለክተው በነጻ ያወጡት ሠንጠረዥ አለ። "ከዚህ ተነስተሽ ጋላክሲው ስንት እንደሚመዝን ንገሪኝ" አልኳት። መጨረሻው ምን እንደሆነ ሆን ብዬ አልነገርኳትም፤ ራሷ ደርሳበት ስትደነግጥ ማየት አማረኝ። የግቢው ኢንተርኔት ደግሞ ያን ሰሞን ጠፍቶ ከረመ። ውጤቱን ያስገባችው በመጨረሻው ሰዓት፣ እኔም ሳላየው ነው።

ጽሑፏን ፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ቀን ግራፉ ግድግዳው ላይ ሲበራ ክው አልኩ። ፍጥነቱ ከመሃል ይነሳል፣ ከፍ ይላል፣ ከዚያ የመማሪያ መጽሐፉ ለፕላኔቶች እንደሚለው ቁልቁል ይወርዳል። የዳሮቹ ነጥቦች አንድም የሉም!

ከአርባ ምንጭ የመጡት ፈታኝ፣ ሽበታም ሰው፣ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

"የውጪዎቹ ነጥቦች የት ሄዱ?"

ልጅቷ እኔን አየችኝ። አማካሪ እዚያ ላይ አፉን መክፈት አይችልም። በሞቴ፣ እውነቱን ተናገሪ፣ አልኩ በሆዴ።

"ሰርዣቸዋለሁ" አለች።

"ለምን?"

"አልወርድ አሉኝ። ፕላኔት ከፀሐይ በራቀ ቁጥር ይዘገያል፤ አራት እጥፍ ቢርቅ ፍጥነቱ ግማሽ ይሆናል። የጋላክሲውም ብርሃን የተከማቸው መሃሉ ላይ ነው፤ ስለዚህ ዳሩ መዘግየት ነበረበት። ዕቃው ነው ብዬ ነው።"

"የማን ዕቃ? የናንተ ላቦራቶሪ ቴሌስኮፕ አለው እንዴ?" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም፤ አንጀቴን በላችኝ።

ሰውዬው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንድ ሰው በአንድ መሣሪያ አንዴ ቢያየው እኔም ዕቃው ነው እል ነበር። በብርሃን ለኩት፣ አልወርድ አለ። ከከዋክብቱ ወዲያ ያለውን የሃይድሮጂን ጋዝ በሬዲዮ ለኩት፣ አልወርድ አለ። ጋላክሲ ቢለዋውጡ፣ ያው። ሰው ያመነው ይሄኔ ነው። በይ፣ ነጥቦቹን መልሻቸው።"

ጠመኔ አነሳችና ግራፉን ሰሌዳው ላይ ሣለችው። የሰረዘቻቸውን ነጥቦች ከሠንጠረዡ እያየች አንድ በአንድ መለሰቻቸው። መስመሩ ወጣ፣ ከዚያ እንደ አሮጌው የጂንካ አውሮፕላን ሜዳ ለጥ ብሎ ሄደ።

"አሁን አስዪው።"

ትንሽ ጻፈች፣ ቆም አለች፣ እንደገና ጻፈች። "ፍጥነቱ ካልቀነሰ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በውስጡ ያለው ክብደትም እጥፍ ይሆናል።"

"ብርሃኑስ?"

"ብርሃኑማ አልቋል።" ወደ ሰሌዳው ዞረች። "እንዴ! ታዲያ በዚህ ፍጥነት እየዞሩ ለምን አልተበተኑም? ከዋክብቱና ጋዙ ብቻ ይዘው አያቆዩዋቸውም። የሚስብ፣ ግን የማይታይ ነገር መኖር አለበት።"

ለማየት የጓጓሁት ይሄንን ነበር።

"ብዙዎቻችን ዳርክ ማተር፣ የማይታይ ቁስ፣ እንለዋለን" አሉ ፈታኙ። "የስበትን ሕግ ራሱን እንጠራጠር የሚሉም አሉ። እሺ፣ ቁስ ነው እንበል፤ ምንድን ነው?"

እኛ ዘንድ መከላከያ ላይ "አላውቅም" የሚል ተማሪ የለም። ሲጨንቀው ይቀባጥራል፣ የመጣለትን ይላል እንጂ ይህችን ቃል አይተነፍስም፤ ወደቅኩ ብሎ በገዛ አፉ እንደመፍረድ ነውና። ልጅቷ ሰሌዳውን አየች፣ እኔን አየች።

"አላውቅም" አለች። እንባዋ መጣ።

ፈታኙ እስክሪብቷቸውን ከደኑት።

"አልፈሻል። ነጥቦቹን ጽሑፉ ውስጥ መልሰሽ አስገቢ። እኛም አናውቅም፣ ልጄ።"